የግቢ ደንብ በአንድ ንግግር፦ አከራይ መኪና ማቆሚያን እንዴት ያከፋፍል?

«ከነገ ጀምሮ ማታ መጥቶ በር ላይ የሚያቆም መኪና አላይም። ልብስም ፊት ለፊት አይሰጣ። የማይስማማው ቤቱን ይልቀቅ።» ተከራይ በሰበሰበ አከራይ አፍ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ንግግር ከዚህ ብዙም አይርቅም። ንግግሩ አጭር ነው፣ ቁጣው እውነተኛ ነው፣ የሚሰማውም ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። ሳምንት ሳይሞላ ግን መኪናው በሩ ላይ ቆሞ ይገኛል። በሌሊት ክላክስ ይጮኻል፣ ዘበኛውም «እኔ ምን ላድርግ» ይላል።

ነዋሪዎቹ አመጸኞች ሆነው አይደለም። ንግግሩ ሁለት ነገር ጎድሎታል። አንደኛ፣ አከራዩ የቆመበትን መሬት አልለካም። ሁለተኛ፣ በራሱ ሥልጣን ሊወስን የሚችለውን ከተከራዮቹ ጋር አስቀድሞ ከፈረመው ውል አልለየም። እነዚህ ሁለቱ ከተሟሉ ንግግሩ ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። ካልተሟሉ ግን ቀኑን ሙሉ ቢነገርም ደንብ አይሆንም።

ነገሩን በተጨባጭ ለማየት በአዲስ አበባ ብዙ ቦታ የሚገኙ ግቢዎችን ባህርይ አጣምረን አንድ ምሳሌ ግቢ እንውሰድ። ስፋቱ 450 ካሬ ሜትር ነው፤ ወርዱ 15፣ ርዝመቱ 30 ሜትር። ከበሩ ሲገባ 11 ሜትር ጥልቀት ያለው ኮብልስቶን የለበሰ ሜዳ አለ። ከሜዳው ቀጥሎ ባለ አንድ ፎቅ ዋናው ቤት፣ ከኋላው ጠባብ ጓሮ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ በረድፍ የተሠሩ ሰርቪስ ክፍሎች አሉ። አከራይዋ ጡረታ የወጡ እናት ናቸው፤ ተከራዮቹ «እትዬ» ይሏቸዋል። እሳቸው ምድር ቤት ይኖራሉ። ፎቁ ላይ ሁለት ቤተሰብ፣ ሰርቪሶቹ ውስጥ ደግሞ አራት ተከራዮች አሉ። ቀድሞ ግቢው ውስጥ የነበሩት መኪኖች ሦስት ነበሩ። አሁን ስድስት ሆነዋል። አንዷ የእትዬ ናት፣ ሦስቱ የፎቁ ቤተሰቦች ናቸው፣ ሁለቱ የሰርቪስ ተከራዮች ናቸው። ከነዚህ አንዷ በኤሌክትሪክ የምትሠራ ናት፤ አንዷ ደግሞ እኩለ ሌሊት ደርሶ የሚገባ የራይድ ሹፌር የሚነዳት ናት።

መሬቱ ስንት መኪና ይይዛል?

የግቢ ጠብ የሚጀምረው ከዓይን ግምት ነው። ፊት ለፊት ያለው ሜዳ 15 በ11፣ ማለትም 165 ካሬ ሜትር ነው። አንድ የመኪና ማቆሚያ በተለመደው ልክ 2.5 ሜትር ወርድና 5 ሜትር ርዝመት አለው፤ ይህ 12.5 ካሬ ሜትር ነው። ስናካፍለው 13 መኪና ይወጣል። «ይህ ሁሉ ሜዳ እያለ ለእኔ አንድ ቦታ ጠፋ?» የሚል ተከራይ በልቡ የያዘው ይህን ሂሳብ ነው።

ሂሳቡ ግን መኪና እንደ ሣጥን ተነሥቶ የሚቀመጥ ነገር አለመሆኑን ይረሳል። መኪና ወደ ቦታው ለመግባት መዞር አለበት። ቤቱን ፊት ለፊት ወደሚያይ ቦታ በቀላሉ ታጥፎ ለመግባትና ለመውጣት ከኋላው 6 ሜትር ያህል ባዶ መሬት ይፈልጋል። 5 ሜትር ማቆሚያ፣ 6 ሜትር መዞሪያ ስንል 11 ሜትሩ አለቀ። ስለዚህ መኪና ሊቆም የሚችለው በቤቱ ግድግዳ በኩል ባለው አንድ ረድፍ ብቻ ነው።

ረድፉ 15 ሜትር ርዝመት ስላለው ስድስት መኪና የሚይዝ ይመስላል። ነገር ግን ከበሩ ፊት ለፊት፣ በቤቱ ጎን ወደ ጓሮ የሚወስደው 3.5 ሜትር መተላለፊያ አለ። እርሱን መዝጋት አይቻልም፤ የሰርቪስ ተከራዮች መግቢያ ነው፣ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ክዳንም እዚያው ላይ ነው። የፎቁ ደረጃና የዋናው ቤት በር ደግሞ የ1.5 ሜትር መተላለፊያ ይፈልጋሉ። የሚቀረው 10 ሜትር ነው። 10 ለ2.5 ሲካፈል አራት። 13 መስሎ የታየው ሜዳ የሚይዘው አራት መኪና ነው።

«ትንሽ ብንጠጋጋስ?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። እንደ ቪትዝ ያለች ትንሽ መኪና ወርዷ 1.7 ሜትር አካባቢ ነው። በ2.5 ሜትር ቦታ ላይ ስትቆም ከጎኗ ካለችው መኪና ጋር 80 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይኖራል። ይህ በር ከፍቶ ሕፃን ለማውረድ ይበቃል። ቦታውን ወደ 2 ሜትር ብናጠበው ክፍተቱ 30 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ሹፌሩ ከመኪናው መውጣት አይችልም፣ ከወጣም የጎረቤቱን በር ይፍቃል። እንደ ሃይሉክስ ያለ ፒክአፕ ደግሞ ርዝመቱ ከ5 ሜትር ስለሚያልፍ በመዞሪያው ላይ ይወጣል።

ስለዚህ ከስብሰባው በፊት የሚደረገው የመጀመሪያ ሥራ ሜትር ይዞ መለካትና አራቱን ቦታዎች በነጭ ቀለም መሬት ላይ ማስመር ነው። መስመሩ ከንግግሩ ቀድሞ ከተሠመረ፣ ተሰብሳቢው የሚከራከረው ከመሬቱ ጋር እንጂ ከአከራይዋ ጋር አይሆንም። የተጠራጠረ ሰው ራሱ ሊለካው ይችላል።

ውሉ ምን ይላል?

ሁለተኛው ሥራ የሁሉንም ተከራይ ውል አውጥቶ ማንበብ ነው። በምሳሌያችን ከፎቁ ተከራዮች የአንደኛው ውል «የአንድ መኪና ማቆሚያን ጨምሮ» ይላል። የሌላው ውል ስለ መኪና አያነሳም። የሰርቪስ ተከራዮችም ውል ዝም ነው።

ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1731 በሕግ አግባብ የተመሠረተ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነው ይላል። ስለዚህ በውሉ ማቆሚያ የተሰጠው ተከራይ ቦታው በስብሰባ ንግግር አይወሰድበትም። ሊቀየር የሚችለው እሱ ሲስማማና ስምምነቱም ሲጻፍ ብቻ ነው። ውላቸው ስለ መኪና የማይናገር ተከራዮች ግን እስካሁን ያቆሙት በአከራይዋ ፈቃድ ነበር፤ ያንን ፈቃድ በአግባቡና በማስጠንቀቂያ ማደላደል ይቻላል።

በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ ነገሩን አጥብቆታል። አዋጁ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። ኪራይ መጨመርም የሚቻለው ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን ነው። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። «የማይስማማው ይልቀቅ» የሚለው ዛቻ ውሉ ያላለቀ ተከራይን አያስወጣም፤ የሰሚውን ክብር ግን ይነካል፣ ተናጋሪውንም ያቀላል። በኪራዩ ውስጥ ለተካተተ ማቆሚያ አዲስ ወርሃዊ ክፍያ መጠየቅም በሌላ ስም የመጣ የኪራይ ጭማሪ ተደርጎ ሊታይ ይችላል። ንግግሩን የምታዘጋጅ አከራይ እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ከወረቀቷ ላይ መሰረዝ አለባት።

ንግግሩ

ስብሰባው እሑድ ከሰዓት፣ ሜዳው ላይ፣ መስመሮቹ እየታዩ ይደረጋል። የተዋጣለት ንግግር እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«እንደምን ዋላችሁ። ቡናው እስኪወርድ ጉዳዩን ልንገራችሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት የመምጠጫ መኪና ጠርተን ጉድጓዱ ክዳን ላይ መኪና ስለቆመ ሠራተኞቹ ሳይሠሩ ተመለሱ። ማን እንዳቆመ ለማወቅ አይደለም የጠራኋችሁ። ያ ቦታ ለማንም ተለይቶ አልተሰጠም ነበርና ጥፋቱ የደንብ መጥፋት ነው።

«ሜዳውን ለክቼዋለሁ። እንደምታዩት የሚይዘው አራት መኪና ነው፤ ያሉን ግን ስድስት ናቸው። ከዛሬ ጀምሮ ለአንድ ቤት ከአንድ መኪና በላይ ግቢ ውስጥ አይቆምም። ሁለት መኪና ያላችሁ ቤተሰብ ሁለተኛዋን ውጪ ለማስጠበቅ የአንድ ወር ጊዜ አላችሁ። አንደኛው ቦታ በውሉ የተጻፈለት ነው፤ አይነካም። ሁለተኛው የሌላው የፎቅ ቤተሰብ፣ ሦስተኛው የሰርቪስ ተከራይ ነው። አራተኛው፣ ከበሩ በጣም የራቀው ጥግ፣ የእኔ ነው።

«አምስተኛዋ መኪና የሹፌሩ ልጃችን ናት። እሱ የሚገባው ሁላችንም ከተኛን በኋላ ነው፣ የሚወጣውም ቀድሞ ነው። ስለዚህ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከእኔ መኪና ኋላ ያቆማል። የምትዘጋው የእኔ መኪና ናት እንጂ የማንም አይደለችም። ሌሊት ድንገት ካስፈለገኝ እኔ እቀሰቅሰዋለሁ።

«ከበሩ እስከ ጓሮ ያለው መተላለፊያ ላይ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን መኪና አይቆምም። ማታ በሽተኛ ወጥቶ የሚሄደው በዚያ ነው፤ የውሃ ቦቴ ቱቦ የሚገባውም በዚያ ነው።»

በዚህ ንግግር ውስጥ ሦስት ነገሮች ሥራ እየሠሩ ነው። ያለፈውን ጥፋት ማንም ላይ ሳታላክክ ምክንያቱን ተናግራለች። እያንዳንዱን ቦታ ለአንድ ቤት ስለሰጠች ነገ «ቀድሜ ስለመጣሁ» የሚል ክርክር አይኖርም። ከሁሉም በላይ ደግሞ የደንቡን የመጀመሪያ ሸክም በራሷ መኪና ላይ ጭናለች። አከራይ ራሱ የማይከፍለውን ዋጋ ተከራዩን ሲያስከፍል ተሰብሳቢው ወዲያው ይለየዋል፤ ስብሰባው ሲበተን በሰርቪሶቹ በኩል የሚወራውም ይኸው ነው።

መብራቱና አዲሷ መኪና

መንግሥት በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ በግቢ ስብሰባ ላይ አዲስ ጥያቄ መጥቷል፦ የኤሌክትሪክ መኪና በጋራ ቆጣሪ ቻርጅ ማድረግ።

መኪናዋ በተለመደው የግድግዳ ሶኬት ላይ ተሰክታ 10 አምፔር ብትወስድ በ220 ቮልት 2.2 ኪሎዋት ማለት ነው። ለ8 ሰዓት ብትሰካ ወደ 18 ኪሎዋት ሰዓት ትወስዳለች። በወር አሥራ ሁለት ሌሊት ብትሰካ ከ200 ኪሎዋት ሰዓት ያልፋል። ችግሩ ብዛቱ ብቻ አይደለም። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የሚሄድ ነው፤ ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ አራት ተከራዮች መኪናዋ ባትኖር ዝቅ ባለው እርከን ይከፍሉ ነበር። መኪናዋ ስትመጣ ሁሉም ወደ ላይኛው ይገፋሉ። ስለዚህ «ፍጆታዋን እናስላና በአማካይ ዋጋ ትክፈል» የሚለው መፍትሔ ለመኪናዋ ባለቤት ያደላል። ትክክለኛው መንገድ ለመኪናዋ ሶኬት የራሷን ቆጣሪ ማስገባትና ሂሳቡ ያለ እሷ ስንት ይሆን እንደነበር አስልቶ ልዩነቱን ባለቤቱ እንዲከፍል ማድረግ ነው።

ሌላው የሽቦው አቅም ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ እንደ ዓይነቱ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል። ምጣዱና መኪናዋ በአንድ ሰዓት ሲሠሩ ጭነቱ ወደ 26 አምፔር ይጠጋል፤ በዚህ ላይ ፍሪጅና ማሞቂያ አለ። ብሬከሩ ቶሎ ቶሎ ከወረደ፣ ሶኬቱ ሲነካ ከሞቀ ወይም የላስቲክ ሽታ ከመጣ መስመሩ አልቻለም ማለት ነው። የእትዬ ደንብ ስለዚህ አጭር ነው፦ «መኪና የሚሰካው ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ነው። ከቤት ውስጥ በመስኮት በተሳበ ማራዘሚያ ግን ማንም አይሰካም፤ ኤሌክትሪሺያን መጥቶ ከዋናው ቆጣሪ የተለየ መስመር ይዘረጋል፣ ወጪው የመኪናው ባለቤት ነው።»

ጓሮው፣ ጭሱና ድንኳኑ

የጋራ ቦታ ከመኪና በላይ ነው። ጓሮው ላይ ልብስ ይታጠባል፣ ይሰጣል፣ በርበሬ ይዘረጋል፣ በበዓል ዋዜማ በግ ይታሰራል። እዚህ ላይ ብዙ አከራዮች የሚሳሳቱት ሁሉንም በአንድ «ክልክል ነው» በመዝጋት ነው። በአምስት ሜትር ጓሮ አራት ቤት የሚኖር ከሆነ ልብስ መስጣትን መከልከል አይቻልም፤ ቀን መመደብ ግን ይቻላል። ሁለት ሁለት ቤት ተጣምረው በተለዋጭ ቀን ቢያጥቡ ገመዱም ውሃውም ይበቃል። ውሃው በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቀኑ የሚወሰነው ውሃው በሚመጣበት ሌሊት ማግስት ነው፤ ሮቶው በሞላበት ጠዋት።

ጭስን በተመለከተ አንቀጽ 1225 አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ባለቤት የሆነ ሰው ከመልካም ጉርብትና በላይ በሆነ ጭስ፣ ሽታ ወይም ጩኸት ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። አንቀጹ የተጻፈው ስለ ባለንብረቶች ቢሆንም መለኪያው ለግቢ ይጠቅማል። ቡና የሚፈላበት ከሰል ከመልካም ጉርብትና አያልፍም። ከፎቁ መስኮት ሥር በየቀኑ የሚነድ እርጥብ እንጨት ግን ያልፋል። ስለዚህ ደንቡ እሳቱን ሳይከለክል ቦታውን ይወስናል፦ ከሰል ከጓሮው ጥግ፣ ከመኪኖቹ ራቅ ብሎ።

ሜዳው ቀን ቀን የልጆች መጫወቻ ነው። ይህን የማይቀበል ደንብ አይጸናም፣ ልጆች አያነቡትም። የሚሠራው መፍትሔ ሹፌሩ ሲገባ ወደ ኋላ ገብቶ እንዲያቆም ማድረግ ነው። ሲወጣ ፊቱን ወደ ሜዳው አዙሮ ስለሚወጣ ልጁን ያያል። ወደ ፊት ገብቶ ወደ ኋላ የሚወጣ መኪና ግን ጎንበስ ብሎ ኳስ የሚያነሣ ልጅን አያይም።

የመጨረሻው፣ ምናልባትም የደንቡ እውነተኛ ፈተና፣ ድንኳን ነው። ሰው ሲሞት የእድሩ ድንኳን የሚተከለው በዚያው መዞሪያ ሜዳ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ፈቃድ የሚጠይቅ የለም፣ መጠየቅም የለበትም። ደንቡ ስለዚህ አስቀድሞ እንዲህ ብሎ ይጽፈዋል፦ በየትኛውም ቤት ለቅሶ ሲደርስ መኪኖች ሁሉ ሳይነገራቸው ይወጣሉ፣ ድንኳኑ እስኪነሣም ውጪ ያድራሉ። ለሰርግ፣ ለክርስትናና ለምርቃት ግን ቀኑ ስለሚታወቅ ባለጉዳዩ ከሁለት ሳምንት በፊት ለጎረቤቶቹ ይነግራል። ይህን ልዩ ሁኔታ ያልጻፈ ደንብ የመጀመሪያው ሐዘን ሲመጣ ይፈርሳል፤ አንዴ በግልጽ ከፈረሰ ደግሞ በሌላውም ቀን የሚያከብረው አይገኝም።

ከጥያቄው እስከ ፊርማው

ንግግሩ ሲያልቅ የሚመጡት ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። «እንግዳ ቢመጣብኝስ?» እንግዳ ውጪ ያቆማል፤ ቀን ላይ ቦታው ባዶ የሆነ ተከራይ ቢፈቅድለት ግን በዚያ ቦታ ይቆማል። «ቦታዬን ላከራይ እችላለሁ?» አይቻልም፤ መኪና የሌለው ቤት ቦታ አይሰጠውም፣ የተሰጠውም ለሌላ አይሸጠውም። «መኪና ብገዛስ?» ይህ ከባዱ ነው። ሐቀኛው መልስ «አራቱ ተይዘዋል፣ አንድ ቤት ሲለቅ ቅደም ተከተሉ በዝርዝሩ ይሆናል» የሚል ነው። «እናያለን» ብሎ ማለፍ ነገ ሁለት ሰው አንድን ቦታ የተገባለት ቃል አድርጎ እንዲቆጥር ያደርጋል።

«ደንቡን የሚጥሰውን ማን ይቀጣል?» የሚለው ግን ብዙ ጊዜ በስሕተት ይመለሳል። አከራዮች «ዘበኛው በር አይከፍትም» ይላሉ። ይህ ዘበኛውን ከተከራይ ጋር ያጋጫል፤ ሥልጣን የሌለው ሰው ኃላፊነት ብቻ ይሸከማል። ጎማ ማተንፈስ ወይም በመኪናው ላይ ሰንሰለት ማሰር ደግሞ ጉዳዩን ከግቢው አውጥቶ ወደ ፖሊስ ይወስደዋል። የዘበኛው ሥራ ስልክ መደወል ብቻ ይሁን። የሁሉም ሹፌሮች ቁጥር በሩ ላይ ባለው ወረቀት ይጻፋል፤ ዘጋ የተባለው ይደወልለታል፣ ወርዶ ያነሣል። በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ አከራይዋ ራሷ ተከራዩን ጠርታ ታነጋግራለች።

ደንቡ በአንድ ገጽ ይጻፋል፤ የሜዳው ንድፍ ከቦታዎቹ ቁጥር ጋር ከላይ ይሣላል፣ ተሰብሳቢው ሁሉ ይፈርማል። ፊርማው ውሉን አይለውጥም፤ በውሉ ላይ መለወጥ ያለበት ነገር ካለ ለብቻው በተጨማሪ ስምምነት ይፈረማል። በአንድ ወር ሙከራ መጨረሻ ደግሞ ሁለተኛ አጭር ስብሰባ ይደረጋል። በዚያን ጊዜ አከራይዋ ማየት ያለባት ሰዎች ደንቡን ወደዱት ወይስ ጠሉት የሚለውን አይደለም። ዘበኛው በወሩ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደደወለና ለማን እንደደወለ ትጠይቃለች። ጥሪዎቹ የተበተኑ ከሆኑ ሰው እየለመደ ነው። ሁሉም ጥሪ ወደ አንድ ቦታ የሚያመለክት ከሆነ፣ ለምሳሌ ሹፌሩ ሲገባ ሁልጊዜ ሦስተኛው ቦታ ላይ የቆመች መኪና መነሣት ካለባት፣ ጥፋቱ የሹፌሩም የጎረቤቱም አይደለም። መስመሩ በስሕተት ተሠምሯል፤ ሜትሩን ይዞ እንደገና መለካት ያስፈልጋል።